ቲቸር፣ እንኳን ደስ አለህ!

መጀመሪያ «እንኳን ደስ አለዎት» ብዬ ጽፌ አጠፋሁት። አዲስ አበባ አሥር ዓመት መኖር አበላሽቶኝ ነው እንጂ የድሬ ልጅ መቼ አንቱታ ያውቃል? መጽሐፍህን ስጨርስ አፌ ተመለሰልኝ። አሥራ አንዱም ታሪክ ውስጥ አንድ «አንቱ» የለም። ልጁ አያቱን፣ ተሸካሚው ነጋዴውን፣ ሁሉም ሁሉንም «አንተ» ነው የሚለው። ድሬን የማያውቅ አርታዒ ቢያገኘው «ባለጌ አደረግካቸው» ብሎ ያርመው ነበር።

ቅዳሜ ምረቃው ላይ አለመገኘቴ እስካሁን ያናድደኛል። ፈቃድ ከለከሉኝ። እህቴ መጽሐፉን እሁድ ይዛልኝ መጣች፤ ማክሰኞ ሌሊት ጨረስኩት።

«ብርጭቆዎቹ»ን ግን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ስለ ደቻቱ ጎርፍ የሚያወራ ሰው ሁሉ ከውሃው ይጀምራል። ጩኸቱ፣ ጨለማው፣ ተንሳፍፎ የሄደው ቆርቆሮ። አንተ ውሃውን አንድም ቦታ አላሳየኸንም። ሴትዮዋ በማግስቱ ጠዋት፣ ለእንግዳ የተዋሰቻቸውን ስድስት ብርጭቆዎች በፎጣ ጠቅልላ ልትመልስ ትወጣለች። በቃ። አሸዋው ላይ ቆማ የጎረቤቷ በር የቱ ጋ እንደነበር በእርምጃ ስትለካ፣ ማንበቡን ትቼ እናቴ ጋ ደወልኩ። ገጹን አነበብኩላት። ዝም አለች። ከዚያ «እኔም እኮ የሰው ድስት አለብኝ» አለችኝ። ቁም ሳጥኑ ላይ ያለው ትልቁ ድስት! ከሐምሌ 1998 ጀምሮ እዚያው ነው። ለምን እንደማይወርድ ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

ሰባት ቀሚስ ደርባ በባቡር የምትመላለሰው ኮንትሮባንዲስት ደግሞ በሳቅ ገደለችኝ። በዚያ የደወሌ ሙቀት ላቧ ሲንቆረቆር ፈታሹ «አሞሻል እንዴ?» ብሎ ውሃ የሚሰጣት ቦታ ላይ ጎረቤት እስኪሰማኝ ነው የሳቅኩት። ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። ሽንሌ ስትደርስ አቆምክብኝ። አለፈች ወይስ ተያዘች? ስምንተኛ ክፍል እያለን ድርሰታችን ላይ በቀይ እስክሪብቶ «አልተጨረሰም» ብለህ የምትመልስልን አንተ አልነበርክም?

እህቴ አርብ ወደ ድሬ ትመለሳለች። ሁለት ኮፒ ስጣት፣ ብሩን ይዛለች፤ እንዳትከራከራት። አንዱን ለእናቴ ብለህ ፈርምበት።

የድስቱ ባለቤት ልጅ አሁን ሳቢያን ነው የምትኖረው አሉ። ለጥምቀት ስመጣ ከእናቴ ጋር ልናደርስላት ነው። ጊዜ ካለህ አብረኸን ና።

የድሮ ተማሪህ፣ ያ የኋላ ወንበሩ