የኒውሮሳይኮሎጂ ምዘና ሪፖርት፦ የውጤቶች ትርጓሜ

ታካሚዋ የ68 ዓመት ጡረተኛ የሒሳብ ባለሙያ ሲሆኑ፣ ወደዚህ ምዘና የተላኩት ላለፉት 18 ወራት እየጨመረ በሄደ የመርሳት ችግር ምክንያት የዲሜንሺያ ጅማሬ ተጠርጥሮ ነው።

15 ቃላት አምስት ጊዜ ተነበውላቸው በተከታታይ 4፣ 5፣ 6፣ 6 እና 7 ቃላት አስታውሰዋል። ከ30 ደቂቃ በኋላ ግን የቀረላቸው አንድ ቃል ብቻ ነበር። ይበልጥ የሚያሳስበው፣ ቃላቱ ካልተነበቡ ቃላት ጋር ተቀላቅለው ሲቀርቡላቸው 8ቱን ብቻ መለየታቸውና 6 ያልተነበቡ ቃላትን «አዎ፣ ነበረ» ማለታቸው ነው፤ «መጋረጃ» የሚለውንማ ያለ አንዳች ማመንታት ተቀብለውታል። ቃላቱን ዳግም ማየት እንደ ፍንጭ አለመርዳቱ ችግሩ የተቀመጠን መረጃ ፈልጎ ከማውጣት ይልቅ ከመነሻው በማስቀመጡ ላይ መሆኑን ያመለክታል፤ ይህም አዲስ ትውስታ በሚያስቀምጠው የአንጎል ክፍል፣ በሂፖካምፐስ አካባቢ ጉዳት ሲኖር የሚታይ ነው።

በአስፈጻሚ ተግባራት፣ ማለትም ሐሳብን በማቀድና ከአንዱ ወደ ሌላው በማዛወር ረገድ ውጤቱ ወጥ አይደለም። ቁጥሮችን በቅደም ተከተል በ44 ሰከንድ ቢያገናኙም፣ ቁጥርና ፊደል እያፈራረቁ ሲያገናኙ 171 ሰከንድ ወስዶባቸዋል፤ ሁለት ጊዜ ስተው አንዱን ብቻ ራሳቸው አርመዋል። በአንድ ደቂቃ የጠሯቸው እንስሳት 9 ናቸው። የድብርት መጠይቁ ውጤት (ከ15፣ 3) ችግሩን አያብራራም።

የውጤቶቹ አጠቃላይ ገጽታ ከአልዛይመር ሕመም ጅማሬ ጋር ይጣጣማል፤ ሆኖም ምዘናው ብቻውን ምርመራውን አያረጋግጥም። የወር ክፍያዎችን ልጃቸው መረከቧ ደረጃው ከቀላል የግንዛቤ መዳከም ወደ ዲሜንሺያ አልፎ እንደሆነ ያጠያይቃል። የአንጎል ኤምአርአይ፣ የታይሮይድና የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ፣ ከ12 ወራት በኋላም ድጋሚ ምዘና እንዲደረግ ይመከራል።