ጉዳዩ፡- ሥራ ስለመልቀቅ

ቀን፡ ነሐሴ 5 ቀን 2017 ዓ.ም
ለሆስፒታሉ የሰው ሀብት አስተዳደር ዳይሬክቶሬት
ደሴ

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕፃናት ጤና ነርሲንግ ለሁለተኛ ዲግሪ ተቀባይነት ስላገኘሁ፣ ከጳጉሜን 5 ቀን 2017 ዓ.ም ጀምሮ ሥራዬን እንደምለቅ የአንድ ወር ቅድመ ማስታወቂያ በመስጠት በአክብሮት አሳውቃለሁ።

በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ስድስት ዓመት አገልግያለሁ። ይህን ደብዳቤ መጻፍ ቀላል አልሆነልኝም። ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በእናታቸው ደረት ላይ ታቅፈው፣ በካንጋሮ እንክብካቤ ቀስ በቀስ ኪሎ ሲጨምሩ አይቻለሁ። ያላተረፍናቸውም አሉ፤ እነሱንም አልረሳም። ለመማር የወሰንኩት በዚሁ ምክንያት ነው። በሌሊት ተረኝነት፣ አንድ ሕፃን መተንፈስ ሲከብደው፣ ከዚህ በላይ ማወቅ እንዳለብኝ ደጋግሞ ተሰምቶኛል።

እስከ መጨረሻው ቀን ተረኛነቴን ሙሉ በሙሉ እሸፍናለሁ። ምትክ ከተመደበልኝ ሥራውን አለማምዳለሁ። በእጄ ያለውን የክፍሉን ንብረትም ቆጥሬ አስረክባለሁ።

ክሊራንስ እንድጨርስ እንዲፈቀድልኝ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃም እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። እጄን ይዘው ሥራ ያስተማሩኝን የክፍሉን አስተባባሪና የሥራ ባልደረቦቼን ከልብ አመሰግናለሁ።

ከሠላምታ ጋር
ሲስተር ሕይወት ታደሰ
ክሊኒካል ነርስ

ግልባጭ፡-
ለነርሲንግ አገልግሎት ዳይሬክተር
ለጨቅላ ሕፃናት ክፍል አስተባባሪ