ጉዳዩ፦ አንድ የዘገየ ክፍያ በመልካም ፈቃድ ከብድር ታሪኬ እንዲነሳልኝ ስለመጠየቅ

ቀን፦ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለቃሊቲ ቅርንጫፍ የብድር ክትትል ኃላፊ
አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ እንጀራ ጋግሬ ለሱቆችና ለምግብ ቤቶች የማስረክብ ደንበኛችሁ ነኝ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በወንድሜ የደሞዝ ዋስትና 120,000 ብር አበድራችሁኝ ነበር። በየወሩ በ15ኛው ቀን 6,400 ብር እየከፈልኩ፣ በ24 ወር ጨርሼ፣ ባለፈው ነሐሴ የማጠናቀቂያ ደብዳቤ ተቀብያለሁ። በዚያ ብድር ሦስት የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛሁ። ዛሬም በእነሱ ነው የምሠራው።

ከ24ቱ ክፍያ አንዱ ዘግይቷል። የሰኔ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ክፍያ ነው። የከፈልኩት ሐምሌ 8 ነው፤ 23 ቀን አሳልፌ። ተሳስታችሁ መዝግባችኋል አልልም። መዝገቡ ልክ ነው፣ ቅጣቱንም ከፍያለሁ።

የሆነውን ልንገርዎ። ሰኔ 3 ማታ የሰፈራችን ትራንስፎርመር ተቃጠለ። ነገ ይሠራል ሲባል 19 ቀን ጨለማ ውስጥ ቆየን። የመጀመሪያው ቀን ሊጥ ኮምጥጦ ተደፋ። ከዚያ በማገዶ ልጋግር ብዬ ጀመርኩ። ክረምት ስለገባ እንጨቱ እርጥብ ነበር፤ ጭስ እንጂ እሳት የለውም። በቀን 250 እንጀራ የማወጣ ሴት 60 ማድረስ አቃተኝ። ሁለት ምግብ ቤቶች ሌላ ጋጋሪ ያዙ። አልፈርድባቸውም፣ ደንበኛ ምሳ ሰዓት ላይ እንጀራ የለም አይባልም።

ሰኔ 15 ሲደርስ እጄ ላይ 5,000 ብር ገደማ ነበረ። አብረውኝ የሚሠሩት ሁለት ልጆች የቤት ኪራያቸው ደርሶ ስለነበር ለእነሱ ሰጠሁ። እስከ ዛሬ አልጸጸተኝም። የሚጸጽተኝ ሌላ ነው። የብድር ሠራተኛችሁ ሁለቴ ደውላ አላነሳሁም። ምን ብዬ ላንሳ ብዬ አፍሬ። መጥቼ ችግሬን ብናገር ኖሮ ምናልባት መላ ይገኝ ነበር። እኔ ዝም ስል ለወንድሜ ተደወለ። ዋስ የሆነልኝን ሰው መሥሪያ ቤቱ ድረስ ማሳፈሬ እስካሁን ያመኛል። እርስዎንም ሠራተኛዋንም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

መብራት ሰኔ 22 መጣ። ሐምሌ 8 የሰኔውን ከነቅጣቱ ከፈልኩ። በሳምንቱ፣ ሐምሌ 15፣ የወሩን ደገምኩ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላሳለፍኩም። ከሰኔው በፊት ዘጠኝ ክፍያ፣ ከእሱ በኋላ አሥራ አራት፣ ሁሉም በቀኑ ነው። ያ ወር እንዳይደገም ብዬ የአንድ ወር ክፍያ የሚያህል ገንዘብ ለብቻው አስቀምጣለሁ። ደረቅ እንጨትም ከሰኔ በፊት ገዝቼ ከጣሪያ ሥር አከማቻለሁ።

አሁን ለምን እንደጻፍኩ ልናገር። ጤፍ ርካሽ የሚሆነው አዲሱ ምርት ሲገባ፣ ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ ነው። ያኔ በርከት አድርጎ የገዛ ጋጋሪ ክረምቱን ሳይጨነቅ ይወጣዋል። እኔ ግን በየሳምንቱ ከወፍጮ ቤት እየገዛሁ ትርፌን ዋጋው ይበላዋል። ለዚህ ብዬ በመስከረም ከሌላ አበዳሪ 200,000 ብር ጠየቅሁ። በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ሥርዓት ታሪኬን አይተው ያቺን የሰኔ ክፍያ አገኙ። ያበደረሽ ተቋም ካነሳልሽ እንደገና እናየዋለን አሉኝ።

መረጃውን የላካችሁት እናንተ ስለሆናችሁ፣ ማሻሻያ መላክ የምትችሉትም እናንተ ናችሁ። ግዴታ እንደሌለባችሁ አውቃለሁ። የምጠይቀው በመብቴ አይደለም፣ በመልካም ፈቃዳችሁ ነው። 24 ወር አብረን ሠርተናልና ያቺን አንድ ወር እንድታነሱልኝ በትህትና እለምናለሁ። አሠራራችሁ ማንሳት የማይፈቅድ ከሆነ ደግሞ፣ መዘግየቱ አንድ ጊዜ ብቻ እንደነበርና ብድሩን ሙሉ በሙሉ እንደከፈልኩ የሚገልጽ የድጋፍ ደብዳቤ ብትጽፉልኝ እሱም ትልቅ ነገር ነው።

ጤፉ ከመወደዱ በፊት እንድደርስ፣ እስከ ኅዳር 10 መልሳችሁን ባገኝ ደስ ይለኛል። ከሰዓት በኋላ ከጋገራ ስለምወጣ፣ ቅርንጫፍ ድረስ ነይ ብትሉኝ በማንኛውም ቀን እመጣለሁ። ስልኬም አሁን ይነሳል።

የብድር ማጠናቀቂያ ደብዳቤውን፣ የ24ቱን ክፍያ ደረሰኞችና የመታወቂያዬን ቅጂ አያይዣለሁ። ሙሉ ስሜና ስልኬ እዚያው ላይ አለ።

ከአክብሮት ጋር
አልማዝ፣ ከቱሉ ዲምቱ