ከየት ነው የሚያፈሰው?

እትዬ ዘሀራ ሆጤ ያለው ቤታቸው እንደገና ማፍሰሱን ልጅ ልከው ሲያስነግሩ፣ የሐምሌው ዝናብ ደሴን እየደበደባት ነበር። ጋሽ ይመር ጋቢያቸውን ጥለው የዝናብ ልብሳቸውን ደረቡ። ሰይድ የሬንጁን ጣሳ አነሳ።

«እሱን ተወው። ባትሪ፣ ሜትር፣ ደረቅ ጨርቅና ቀጭን ሽቦ ያዝ።»

ከአልጋው በላይ ያለው ችፑድ አብጦ ተንጠልጥሏል፤ ዙሪያውን ቢጫ ውሃ ልክ ሠርቶበታል። ሰይድ መሰላሉን ይዞ ወደ ውጭ ሊወጣ ሲል ጋሽ ይመር እጁን ያዙት።

«ወዴት?»

«ጣራው ላይ ነዋ። ልክ ከዚህ በላይ ያለውን ልየው።»

«እርጥብ ቆርቆሮ እግር አይዝም። ደግሞ አምና አንዱ ልክ ከዚህ በላይ ሬንጁን ለቅልቆ፣ ብሩን ተቀብሎ ሄዷል። ይኸው ያፈሳል።»

በመጀመሪያ ከቆጣሪው ሥር ያለውን ማጥፊያ አስዘጉ፤ ውሃው የመብራቱን ገመድ ይዞ ሊወርድ ይችላል። ቀጥሎ ባልዲ አስደግፈው ያበጠውን ችፑድ መሐል ለመሐል በሚስማር ወጉት። ግማሽ ባልዲ ያህል ቡናማ ውሃ ወረደ። እትዬ ዘሀራ ደነገጡ።

«አብሽሪ፣ እትዬ። ባይፈስ ኖሮ ሌሊት ከነክብደቱ አልጋሽ ላይ ይወርድ ነበር።»

ሰይድ በኮርኒሱ መግቢያ ወደ ላይ ገባ። ጋሽ ይመር ጉልበታቸው ስለማይታጠፍ መሰላሉ ላይ ቆመው አንገታቸውን ብቻ አስገቡ።

«እንጨቱን እንጂ ችፑዱን እንዳትረግጥ። መጀመሪያ የቆርቆሮውን ሆድ በሙሉ አብራበት። ሁሉም ቦታ አልቦታል?»

«የለም፣ ሌላው ደረቅ ነው።»

«እንግዲያው ላብ አይደለም፣ ቀዳዳ ነው። ችፑዱ ላይ የሚንጠባጠበው ከየት ነው?»

«ከሞራሌው ሥር። አዎ፣ እዚህ ሚስማር አለ! ከጫፉ ይንጠባጠባል። አገኘሁት!»

«ጥረገውና ጠብቅ።»

ሰይድ ሚስማሩን፣ ከሚስማሩ በላይ ያለውንም ቆርቆሮ አንድ ክንድ ያህል በጨርቁ አደረቀ። ባትሪውን ከፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን አስጠግቶ ያዘ፤ እንዲያ ሲሆን የውሃው መስመር ያበራል። ጥቂት ቆይቶ ቀጭን ውሃ ከላይ እየተንሸራተተ መጣና ሚስማሩ ጋ ሲደርስ ቆመ፣ ከበደ፣ ወደቀ።

«ከላይ ነው የመጣው፣ ጋሽ ይመር።»

«ሚስማሩ መንገድ ዘጋበት እንጂ አላስገባውም። ውሃ ቆርቆሮ ሥር ገብቶ ብዙ ይጓዛል፤ የሚወርደው እንቅፋት ሲያገኝ ነው። አሁንም እያደረቅህ ወደ ጣራው አናት፣ ወደ ኮልሞው ውጣ። ከላዩ ደረቅ ሆኖ ከሥሩ የሚረጥብ ቦታ ስታገኝ፣ እሱ ነው።»

ሰይድ ሁለት ሞራሌ አለፈ። ሦስተኛው ጋ የላይኛው ቆርቆሮ በታችኛው ላይ ተደርቧል። ከድርቡ በላይ ደረቅ ነው። ድርቡ ላይ ምንም አይታይም። ሊያልፈው ሲል ነፋሱ ከጦሳ ተራራ በኩል መጣና ጣራውን አንቀጠቀጠው፤ በዚያው ቅጽበት ከታችኛው ቆርቆሮ ጫፍ ውሃ ብቅ አለ። ነፋሱ ሲረግብ ቆመ።

«ሲነፍስ ብቻ ነው የሚገባው!»

«ድርቡን ለካ።»

ሽቦውን ጫፉን አጥፎ በድርቡ መሐል አሾለከው፤ የላይኛው ቆርቆሮ አፍ ላይ ሲይዝለት ምልክት አድርጎ አወጣውና ለካ። «8 ሳንቲም።»

ጋሽ ይመር ምላሳቸውን አጮሁ። «በዚህ ተዳፋትነት 20 ነበር የሚያስፈልገው። ቆርቆሮ ለመቆጠብ ብሎ ነው። ዝም ብሎ ሲዘንብ ውሃው ቁልቁል ይሄዳል፤ ነፋስ ሲመጣ ሽቅብ ይገፋዋል፣ 8 ሳንቲሙን ያልፋል። ቀለም ወይ ጠመኔ እርጥብ ላይ አይዝም፣ ሞራሌውን በሚስማር ጫርበት። ከኮልሞው ስንት ነው? ከምሥራቁ ግድግዳስ?»

«ከኮልሞው 2 ሜትር ከ40። ከግድግዳው 3 ሜትር ከ15።»

«ያዘው። ላይ ስንወጣ ይህ ጭረት አይታይም፣ የሚመራን ልኩ ብቻ ነው።»

ሰይድ ከነአቧራው ወረደ። እትዬ ዘሀራ ቡና አቀረቡ።

«ታዲያ ድርቡን በሬንጅ ብንደፍነውስ?»

«ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ይሰነጠቃል። ከዚያ በፊት ደግሞ ቦዩን ገድቦ ውሃውን ወደ ኋላ ይሰደዋል። ሲደርቅ የላይኛውን ቆርቆሮ ሚስማር እንነቅላለን፤ ከሥሩ፣ ከታችኛው በላይ አዲስ ቁራጭ እናስገባለን። ወደ ላይ 20 ሳንቲም ከላይኛው ሥር ይግባ፣ ወደ ታች 30 ታችኛውን ይሸፍን። በጎን ከረጠበው አልፎ ሁለት ሁለት ሞገድ ይጨመርበት። ሚስማሩ ባለ ጎማ ይሁንና ጀርባው ላይ ምታ፣ ቦዩ ውስጥ አይደለም። ጎማው እስኪነካ ብቻ፤ ከዚያ ካለፈ ጎማው ይቀደዳል፣ ቆርቆሮውም ይጎደጉዳል።»

«የአሮጌው ሚስማር ቀዳዳስ?»

«የታችኛውን ቁራጩ ይሸፍነዋል። የላይኛው ላይ ባለው ግን እዚያው ቀዳዳ ውስጥ ወፍራሙን ሚስማር መልሰህ ምታ። ነገ ገበያ ስትሄድ የሞገዱን ስፋት ለክተህ ሂድ፤ ካልገጠመ አንዱ ሌላው ላይ አይተኛም።»

እትዬ ዘሀራ ስኒውን እየቀዱ «ነገ ትጨርሱልኛላችሁ?» አሉ።

«ጠዋት ካባራና ቆርቆሮው ከደረቀ እስከ ቀትር እንጨርሳለን። እስከዚያ አልጋሽን ወደዚያ ግድግዳ አስጠጊው፤ ባልዲውን አታንሺ፣ መብራቱንም የዚህን ክፍል አትክፈቺ።»