ለሲስተር አስካለ፦ አንድ ምስጋና በኢሜይል፣ በካርድና በንግግር

ለመሸኛ ኮሚቴው አባላት፣

የተስማማንበትን የምስጋና መልእክት በሦስት መልክ ጽፌ ጨርሻለሁ። መልእክቱ በሦስቱም ላይ አንድ ነው፤ ሲስተር አስካለ ምጥ የያዛትን ሴት ብቻዋን ትተው አያውቁም።

ኢሜይሉን ያስረዘምኩት ከክፍሉ የተዛወሩትና ውጭ አገር ያሉት የድሮ ልጆቻቸው ስለሚያነቡት ነው። ሥራውን ያውቁታል፣ ዝርዝሩ ይናፍቃቸዋል። ካርዱ ቤታቸው ቡፌ ላይ የሚቆም ነው። ጎረቤትም የልጅ ልጅም ያነበዋል፤ ስለዚህ የመድኃኒት ስም አላስገባሁበትም። ብርጭቆ ሲነሳ የሚናገሩት ጋሽ በቀለ ናቸው። እኩያቸው ስለሆኑ «አንቺ» ይሏቸዋል፤ እኛ ብንለው ያስነውራል፣ ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ግን ያምራል። ያቺ መብራት የጠፋባት ሌሊት በሦስቱም ውስጥ አለች። የእናትየዋን ስም የትም አላነሳሁም። የታካሚ ምስጢር በምስጋና ቀንም ምስጢር ነው።

ኢሜይል

ለ፦ ሲስተር አስካለ
ግልባጭ፦ በማዋለጃ ክፍሉ አብረዋቸው ለሠሩ ሁሉ
ጉዳይ፦ ሲስተር አስካለ፣ እናመሰግናለን

የተከበሩ ሲስተር አስካለ፣

እንደምን ሰነበቱ? ይህን የምንጽፍልዎ የማዋለጃ ክፍል ልጆችዎ ነን። ግልባጩ ደሴና አዲስ አበባ ለተዛወሩት፣ ዋሽንግተንና ዱባይ ለሚኖሩትም ይደርሳል። 60 ሞልቶዎት ጡረታ ሊወጡ ነው የሚለውን ከሰሙ ጀምሮ «እኛንም ጨምሩን» እያሉ ስልካችንን አላስቀምጡልን ብለዋል። ስለዚህ ይህ ምስጋና የሁላችንም ነው።

የምናመሰግንዎ ብዙ ነገር አለ። የተረኛ ሠንጠረዡን ሲያወጡ የምታጠባውን ባልደረባ ከሌሊት ተራ ያሳርፏት ነበር። በዓል ሲመጣ «እናንተ ልጆች አሏችሁ፣ ሂዱ» ብለው ራስዎ ይገቡ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን የምናነሳው አንድ ነገር ነው። ምጥ የያዛት ሴት በእርስዎ ተራ ብቻዋን ሆና አታውቅም።

ከኮሌጅ ስንመጣ ፓርቶግራፍ መሙላት እናውቅ ነበር። የጽንሱ የልብ ምት በየ30 ደቂቃው፣ የማህፀን በር በየ4 ሰዓቱ። ቁጥሩን ለቃቅመን ተረኛ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለን እንጽፍ ነበር። እርስዎ ወረቀቱን አንስተው አልጋው አጠገብ ወሰዱት። ወንበርም አስከትለው ወሰዱ። «እዚህ ሆነሽ ሙዪው፤ እጅሽ እየጻፈ ዓይንሽ እሷን ይይ» አሉን። ያ ወንበር ከዚያ ወዲህ ከአልጋው ጎን ተነስቶ አያውቅም። በር ላይ ቆመው የሚያለቅሱትን እናቶችና አማቶችም አስገቧቸው። ወገብ የሚያሽ፣ ውኃ የሚያቀብል፣ «አይዞሽ» የሚል ሰው ከሐኪም እኩል እንደሚያስፈልግ ያየነው በእርስዎ ክፍል ነው።

ያቺን የኅዳር ሌሊት የነበርን ሁሉ አንረሳትም። የደብረ ብርሃን ውርጭ እንዴት እንደሆነ ያውቁታል፤ እዚህ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መስኮቱ ተዘግቶም ብርዱ ይገባል። መብራት ከምሽቱ ጀምሮ ጠፍቷል። ልጅቷ በሰላም ተገላገለች። ሕፃኑ ሲወጣ በ1 ደቂቃ ውስጥ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን ጭኗ ላይ ተወጋች። እንግዴ ልጁም ወጣ። ሁላችንም ተነፈስን። ከዚያ ደሙ መጣ፣ አልቆም አለ።

እርስዎ አልጮኹም። አንድ እጅዎን ሆዷ ላይ አድርገው ማህፀኗን እያሹ፣ እያንዳንዳችንን በስማችን እየጠሩ ሥራ ሰጡን። አንዷ የደም ሥር መስመር ከፈተች። አንዷ ፊኛዋን አፈሰሰች። አንዷ እንግዴ ልጁ ሙሉ መሆኑን በስልክ መብራት አገላብጣ አየች። አንዱ ተጨማሪውን ኦክሲቶሲን ከበረዶ ሳጥኑ አመጣ። ሳጥኑ ውስጥ የነበረው ገና መብራቱ እንደጠፋ እርስዎ አስቀምጠውት ስለነበር ነው። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልተቀመጠ ኃይሉን እንደሚያጣ ሁላችንም ተምረናል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ተነስተው የሚያዛውሩት ግን እርስዎ ነበሩ።

ሕፃኑንስ? የአያትየውን ጋቢ ገልጠው ደረታቸው ላይ አስተኙት፣ ገላ ለገላ፣ ከዚያ በጋቢው ሸፈኗቸው። ማሞቂያ በሌለበት ቤት ከዚያ የተሻለ ሙቀት አልነበረም። አያትየው ከጭንቀታቸው የተነሳ እንባቸው ይወርዳል፣ ልጁን ግን ጠበቅ አድርገው ይዘዋል። እርስዎ ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ከልጅቷ ጋር ወሬ አላቋረጡም። ስሟን እየጠሩ ስለ እናቷ ጠየቋት፣ ልጁን ማን ልትለው እንደሆነ ጠየቋት። መልሷ እየቀነሰ ሲሄድ ስሟን ደጋግመው ጠሩ። ማህፀኗ ከእጅዎ ሥር ጠጠር እስኪል፣ ደሙ እስኪቆም ድረስ።

ከዚያ በኋላ ማናችንም ወደ ቤት አልሄድንም። እርስዎም ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ በየ15 ደቂቃው ግፊቷንና ማህፀኗን እያዩ አነጉት።

ሲስተር፣ ሙያውን መጽሐፍም ያስተምራል። አጠገብ መቀመጥን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ዱባይ ያለችው ልጅዎ እንድንነግርዎ ያለችው ይህንን ነው፤ እዚያም ቢሆን የምትሠራበት ክፍል ውስጥ መጀመሪያ የምትፈልገው ወንበር ነው።

የፊታችን እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ በጤና ጣቢያችን አዳራሽ እንጠብቅዎታለን። ባለቤትዎን፣ ልጆችዎንና የልጅ ልጆችዎን ይዘው ይምጡ። ምግብ ይዘው መምጣት ግን ክልክል ነው፤ ይህን ደጋግመን የምንጽፈው ስለምናውቅዎ ነው። መምጣት ያልቻሉት ባልደረቦቻችን ድምፃቸውን ቀድተው በቴሌግራም ልከዋል፣ እዚያው እናሰማዎታለን።

ጡረታው የጤና ይሁንልዎ። እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝመው።

በታላቅ አክብሮትና ፍቅር፣
የማዋለጃ ክፍል ልጆችዎ

ካርድ

*ፊት ለፊት፦*

ለሲስተር አስካለ
ከልብ እናመሰግናለን

*ውስጡ፦*

ውድ ሲስተር አስካለ፣

በዚህ ከተማ ብዙ እናቶች ያንን ከባድ ሰዓት ያለፉት እጅዎን ይዘው ነው። ልጆቻቸው ዛሬ ትምህርት ቤት ይሮጣሉ። አንዳንዶቹም አድገው እነሱም በእርስዎ እጅ ተገላግለዋል።

መብራት በጠፋባት ሌሊት የእናትየዋን ስም እየጠሩ፣ ሕፃኑን በአያቱ ጋቢ ሸፍነው ሁለቱንም አተረፉልን። እኛም ያን ቀን አዋላጅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አየን።

ማንንም ሴት ብቻዋን አልተዉም። እኛንም አልተዉንም።

ማርያም አትለይዎ። ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

የማዋለጃ ክፍል ባልደረቦችዎ
ደብረ ብርሃን

*(ለማተሚያ ቤቱ፦ ግራ ገጹ ባዶ ይሁን። እያንዳንዱ ሰው በእጁ ይፈርምበታል፤ የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞቻችንም ጭምር። ፊደሉ ተለቅ ይበል፣ ሲስተር ያለ መነጽር ማንበብ እንዲችሉ።)*

ብርጭቆ ሲነሳ

*(ጋሽ በቀለ፣ የአምቡላንስ ሹፌር፤ ከ3 ደቂቃ አይበልጥም)*

እስቲ አንዴ ጸጥ በሉልኝ። ብርጭቋችሁን ያዙ፣ ግን ገና አትጠጡ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። እኔ መሪ ነው የምይዘው። ሥራዬ በር ላይ መቆም ነው። በር ላይ የቆመ ሰው ደግሞ ብዙ ያያል።

አስካለ፣ አንቺን ሳይ ስንት ዘመኔ ነው! በክረምት ጭቃ፣ በኅዳር ውርጭ፣ ከገጠር እናት አምጥቼ በሩን ስከፍት ሁልጊዜ የማገኘው አንቺን ነው። ጋቢሽን ለብሰሽ ደጅ ቆመሽ። «ደረሳችሁ? እሰይ!» ትያለሽ። እናትየዋ ያንን «እሰይ» ስትሰማ ፊቷ ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ።

ያቺ ሌሊት ትዝ ይልሻል? መብራት የለም። አንዲት ልጅ ወጥታ «ጋሼ፣ ሞተር ያስነሱ!» አለችኝ። አስነሳሁ። መሪዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ከውስጥ የሚሰማኝ ያንቺ ድምፅ ብቻ ነው። የልጅቷን ስም ትጠሪያለሽ። ደግመሽ ትጠሪያለሽ። እኔም ውጭ ሆኜ «ወለላዬ፣ አቤት በያት፣ አቤት በያት» እላለሁ። ስንት ጊዜ እንደጠራሻት እንጃ። ጸሎቴንም ጨረስኩ፣ እንደገና ጀመርኩ።

በመጨረሻ ወጣሽ። ሽርጥሽ ደም ነው። ፊትሽ ግን ፈክቷል። «አጥፋው በቀለ፣ መኪና አያስፈልጋትም። አሁን የሚያስፈልጋት ገንፎ ነው» አልሽኝ።

ሰዎች፣ ሞተር አጥፍቼ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም! ገንፎውም ተገነፋ። በሌሊት! ቅቤና በርበሬው ሳይጎድል! ለእኔም ደረሰኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። በአገራችን ወንድ ሲወለድ ሰባት፣ ሴት ስትወለድ ሦስት እልል ይባላል። እዚህ ግቢ እንዲህ አይደለም። አስካለ «ምጡ አንድ ነው፣ እልልታውም አንድ ይሁን» አለች። ከዚያ ጀምሮ ለሴቷም ሰባት ነው። እኔ ሦስት ሴቶች ልጆች አሉኝ። የመጨረሻዋ እዚሁ ስትወለድ ሰባቱን እልልታ ደጅ ቆሜ ሰምቻለሁ። አስካለ፣ ለዚያ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አሁን ተነሱ። ጠላ የያዘ በጠላው፣ ለስላሳ የያዘ በለስላሳው።

አስካለ፣ ብዙ ሌሊት አላስተኙሽም። ከእንግዲህ ጠግበሽ ተኚ። የልጅ ልጆችሽን አሳድጊ። ደጅሽ ሰው አይጣ። የወለዱልሽ ሁሉ ይጠይቁሽ። ያዋለድሻቸው ሁሉ አድገው ይጡሩሽ።

ለሲስተር አስካለ!

እናንተ ሴቶች፣ ሰባቱን ሳታጎድሉ! እልልልልል!