ለአባባ፣ ከቤይሩት

ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እማማስ፣ ልጆቹስ፣ ከብቶቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ደብዳቤ ላይ «ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ» ይባል የለ? እኔም እንደዚያ ብዬ ላልፍ ነበር። እርስዎን መዋሸት ግን አልሆነልኝም።

አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ከፋሲካ ወዲህ ሰባት ወር ሙሉ ድምፄን አጠፋሁ። ሰው ሲጠይቀኝ «አገር ቤት ኔትወርክ የለም» እላለሁ። አንድ ሰሞን እውነትም ጠፍቶ ነበር። ሲመለስም ግን አልደወልኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያዋ ማዳሜ የአራት ወር ደመወዜን ዛሬ ነገ እያለች በላችው። ልብሴን በቅጡ ሳልሸክፍ ከቤቷ ወጣሁ። ከዚያ ከአገር ልጆች ጋር ተዳብዬ፣ የቀን ሥራ እየለቃቀምኩ ከረምኩ። ልደውል ስልኩን ሳነሳ ቦራ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። ለመንገዴ ብለው የሸጡት ቦራ። «በዓመቴ በሬውን እተካለሁ» ብዬ የማልኩት እኔ ነኝ። ዘንድሮም በመቀናጆ እንዳረሱ ሰምቻለሁ። በባዶ እጄ ምን ብዬ ልደውል?

ሚስኮልዎን አይቻለሁ፣ ሦስቱንም። ካርድ እንዳይበላ አንዴ ጠርቶ የሚዘጋው። አንዱ የቡሄ ማግሥት ነበር። አለቀስኩና ስልኩን መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ብር ፈልገው እንዳልደወሉ አውቃለሁ እኮ። ያን ጊዜም አውቅ ነበር። እያወቅኩ ዝም ማለቴ ነው የሚያንገበግበኝ።

ከመስከረም ጀምሮ ሌላ ቤት ገብቻለሁ። አሮጊት ናት፤ ደመወዜን በወሩ ትሰጠኛለች፣ እሑድ ታሳርፈኛለች። የበሬው ገንዘብ ገና አልሞላም። እስኪሞላ ዝም ልበል ብዬ ነበር፤ ዛሬ ግን ኅዳር ሚካኤል ሆነና አልቻልኩም። ቤት ዝክር አለ። የእማማ ቆሎ ሲታመስ እዚህ ድረስ ሸተተኝ።

ፊደሉን ያጎላሁት ራስዎ እንዲያነቡት ነው። በመሠረተ ትምህርት ያወቁትን ፊደል ዛሬ ይጠቀሙበት፤ ለሰው እንዳያስነብቡት። ይዛልዎት የምትመጣው የደጀን ልጅ ናት። አብረን ነው የከረምነው፤ ቡና ሳትጠጣ እንዳትሄድ።

ኅዳር 28 እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ካኮረፉኝ አያንሱት፤ ሐቅዎ ነው። በሚቀጥለውም እሑድ እደውላለሁ፣ ከዚያም በሚቀጥለው። ከፈለጉ ይቆጡኝ። ቁጣዎም ናፍቆኛል።

ኔትወርኩ የሚይዘው አሁንም ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ጉብታው ላይ ከሆነ፣ ጋቢዎን ደርበው ይውጡ። እዚያ ነፋስ አለ።

ልጅዎ ይታይሽ