ባለ 4 ፓይል ካፕ በስትራት ኤንድ ታይ፣ የተስተካከለው ስሌት (1.1 የነበረው 1.3 ሜትር ሆኗል)

ሰላም፣ የካፑን ስሌት እንደገና ሰርቼ ጨርሻለሁ፣ ድሮዊንጉ ከመውጣቱ በፊት ቁጥሮቹን እያያችሁ ሂዱ። ባለፈው የላክኩትን ተዉት። እሱ ላይ ፌሮውን ብቻ አይቼ ነበር በቃ ያልኩት፣ ኮለኑ ስር ያለውን ኖድ ስሰራው ግን አልያዘም፣ የካፑ ቁመት የጨመረው በሱ ምክንያት ነው።

መነሻው ይሄ ነው፦ ፓይሎቹ 4፣ ዲያሜትራቸው 600 ሚሊ፣ ከመሃል መሃል 1800፣ ካፑ 2700 በ 2700። ኮንክሪቱ C30/37፣ ፌሮው 500። ጭነቱ 4800 ኪሎ ኒውተን ነው፣ 4480ው ከኮለኑ የሚወርድ ሲሆን 320ው የካፑ የራሱ ክብደት በ 1.35 ተባዝቶ ነው፣ ሁሉንም ኮለኑ ላይ እንዳለ ወስጄዋለሁ፣ ትንሽ ወደ ሴፍ ይወስደናል ግን ስሌቱን ያቀልለዋል። ሞመንት ስለሌለ እያንዳንዱ ፓይል 1200 ይደርሰዋል። ሞመንት የሚመጣ ከሆነ ግን 4ቱ ፓይሎች እኩል ስለማይሸከሙ ይሄን ስሌት እንዳለ እንዳትወስዱት።

በዩሮኮድ 2 የምንጠቀምባቸው ገደቦች፦

```
fcd = 0.85*30/1.5 = 17.0 MPa     fyd = 500/1.15 = 435 MPa
v'  = 1 - 30/250  = 0.88
CCC (1.00)  : 14.96 MPa
CTT (0.75)  : 11.22 MPa
strut (0.6) :  8.98 MPa
```

መጀመሪያ ኮለኑ። 500 በ 500 ነበር የተሳለው፣ 4800ን ለ 0.25 ስናካፍል 19.2 ሜጋ ፓስካል ይመጣል፣ ገደቡ ደግሞ 14.96 ነው፣ ስለዚህ ገና ካፑ ውስጥ ሳንገባ ወድቋል። ኮለኑ ራሱ በፌሮው ታግዞ ሊይዝ ይችላል፣ ኖዱ ላይ ግን የሚጨመቀው ኮንክሪት ነው። አርክቴክቱ 600 በ 600 ስለፈቀደልን 13.33 ሆነ፣ አለፈ።

አሁን ሞዴሉ። የኮለኑን ጭነት 4 ቦታ ከፍዬ እያንዳንዱን ሩብ በየሩቡ መሃል ላይ አስቀመጥኩት፣ ማለትም ከኮለኑ መሃል በሁለቱም አቅጣጫ 150 ሚሊ ላይ። ከዛ እስከ ፓይሉ መሃል በአንድ አቅጣጫ 900 − 150 = 750፣ በዲያጎናል 1061 ሚሊ ነው። ከላይ አራት ስትራት ተዘርግቶ ወደ አራቱ ፓይሎች ይወርዳል፣ ከታች ደግሞ ፓይል ከፓይል የሚያገናኙ አራት ታይ በካፑ አራት ጎን ይሄዳሉ፣ በዲያጎናል የሚሄድ ፌሮ የለም።

በ 1.1 ሜትር ካፕ የሆነውን ላሳያችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው፣ እኔም ተሳስቼበታለሁ። የታዩ መሃል ከካፑ ስር 150 ላይ ነው (ፓይሉ 75 ገብቷል፣ ከሱ በላይ 50 ከቨር፣ ከዛ በሁለት አቅጣጫ የሚተላለፈው ፌሮ)፣ የላይኛው ኖድ ጥልቀት 200 ቢሆን z 850 ይሆናል። ታዩ 1200 × 750 / 850 = 1059 ኪሎ ኒውተን፣ የሚፈልገው ፌሮ 2434፣ 5Φ25 ደግሞ 2454 ስለሚሰጥ በጠባብ ያልፋል፣ እኔም እዚህ ላይ ነበር ያቆምኩት። ግን ኮለኑ ስር በአንድ አቅጣጫ የሚገፋፋው የሁለት ስትራት አግድም ኃይል ነው፣ 2 × 1059 = 2118፣ እሱን ለ 600 × 200 ሲያካፍሉት 17.65 ይመጣል፣ ከ 14.96 በላይ። ኖዱን ወደ 236 ላስፋው ብትሉ z ወደ 832 ይወርዳል፣ ታዩ ይጨምራል፣ ፌሮው 2487 ይሆናል፣ ያኔ 5Φ25ም አይበቃም። አንዱን ሲያስተካክሉ ሌላው ይፈርሳል፣ ቁመት ከመጨመር ውጪ ጥሩ መውጫ አላየሁም።

በ 1.3 ሜትር፦

```
d = 1150, z = 1050, angle = 44.7 deg
T = 1200*750/1050      = 857 kN
As = 857000/435        = 1970 mm2  -> 5Φ25 = 2454
C = 1200*1492.5/1050   = 1706 kN
top node: 2*857000/(600*200) = 14.3 < 14.96 MPa
```

የላይኛው ኖድ በአግድም አለፈ፣ ትርፉ ጥቂት ነው ግን ይበቃል። የስትራቱ የላይኛው ጫፍ፣ ከ 300 በ 300ው ሩብና ከ 200ው ጥልቀት የሚያገኘው ስፋት ወደ 123600 ካሬ ሚሊ ስለሆነ 13.8 ሜጋ ፓስካል ይመጣል፣ ለኖዱ ልክ ነው። ይሄ ከ 8.98 ይበልጣል የሚል ሰው ይኖራል፣ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። 8.98 ለመድረስ የሚያስፈልገው ስፋት ወደ 190000 ነው፣ ስትራቱ በየጎኑ 42 ሚሊ ቢሰፋ ይደርሳል፣ በ 1 ለ 2 ከተከፈተ ከኖዱ 10 ሳንቲም ሳይርቅ ማለት ነው፣ እስከዛ ድረስ ደግሞ ኮንክሪቱ ዙሪያውን የታቀፈ ነው፣ የመሰንጠቅ ውጥረቱ የሚመጣው ከዛ ወዲያ ስለሆነ ተቀብዬዋለሁ።

የታችኛው ኖድ ላይ ሁለት ታይ ስለሚገናኝ ገደቡ 11.22 ነው። ከፓይሉ ፊት 1200/0.2827 = 4.24፣ በስትራቱ ፊት ደግሞ ወርዱ 600 × 0.703 + 150 × 0.711 = 529፣ ፓይሉ ክብ ስለሆነ ስፋቱን እንደ ኤሊፕስ ስወስደው 6.84። ይሄ ከ 8.98ም በታች ነው። ፓንቺንግ በኮለኑ ዙሪያ 1.74 ለ 3.59፣ ምንም ችግር የለውም።

አንከሬጁን ግን በደንብ እዩት። ፌሮው ኖዱ ከሚጀምርበት፣ ማለትም ከፓይሉ የውስጥ ጠርዝ ጀምሮ ነው የሚቆጠረው። ጭንቀቱ 857000/2454 = 349 ነው፣ ቦንዱ 3.0 ስለሆነ የሚያስፈልገው 25/4 × 349/3.0 = 727 ሚሊ። እኛ ከጠርዙ እስከ ካፑ ጫፍ 750 አለን፣ 75 ከቨር ሲቀነስ 675፣ ቀጥ ብሎ ከተተወ አጥሯል። ስለዚህ እያንዳንዱ Φ25 ጫፉ ላይ በ 90 ዲግሪ ወደ ላይ ታጥፎ 400 ሚሊ ይውጣ፣ የመታጠፊያው የውስጥ ዲያሜትር ከ 175 እንዳያንስ። ሳይት ላይ ቀጥ አድርገው ሲያስሩ አይቻለሁ፣ ጫፉ ስለማይታይ ማንም አይጠይቅም፣ ስለዚህ ኮንክሪት ከመፈሰሱ በፊት ሄዳችሁ በእጃችሁ ንኩት።

ለድሮዊንጉ፣ 5ቱም Φ25 በፓይሉ 600 ወርድ ውስጥ ይግቡ፣ በ 120 ልዩነት፣ በአራቱም ጎን። በካፑ ስር ሁሉ እኩል እንደ ሜሽ እንዳትዘረጉት፣ ከፓይሉ ውጪ ያለው ፌሮ ለታዩ አይቆጠርም። በመሃሉ ላይ Φ16 በ 200 ለስንጥቅ ይበቃል፣ በጎኖቹ ዙሪያውን Φ12 በ 200 ታሳሪ ይሁን፣ የኮለኑ ፌሮም እስከ ታችኛው ሜሽ ወርዶ ይታሰር። ቁመቱ ስለጨመረ የቁፋሮው ሌቨል 200 ይወርዳል፣ ዛሬውኑ ለሳይት ንገሩልኝ።